ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ውሃ ሲቋጥር፦ የመጀመሪያው ቀን ሥራ

ጤነኛ እግር ውሃ ሲቋጥር የመጀመሪያው ሐኪም ሕመሙ ነው። ሰውየው ያነክሳል፤ ጫማውን ያወልቃል፤ ክብደቱን ወደ ሌላኛው እግሩ ያዞራል። ሳያስበው ቁስሉን ያሳርፈዋል። ብዙ ጊዜ በሳምንት ውስጥ ነገሩ ይረሳል።

ስኳር ለዓመታት የቆየበት ሰው ግን እግሩ ውሃ ቋጥሮም ላያመው ይችላል። ስለማያመው ይራመድበታል። ሲራመድበት ቆዳው ይቀደዳል፣ ከሥሩ ያለው ሥጋ ይጎዳል፣ ባክቴሪያ ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ካልሲው ላይ እርጥበት ወይም ደም ሲታይ ነው። ስለዚህ "አያመኝም እኮ፣ ቀላል ነው" የሚባለው ነገር እዚህ ላይ አይሠራም። ካላመመ እንዲያውም የበለጠ መፍጠን ያስፈልጋል።

እዚህ የምጽፈው በዋናነት ውሃ የቋጠረውን ቦታ ካዩበት ደቂቃ ጀምሮ ሐኪም ፊት እስኪቀርቡ ድረስ ምን እንደሚደረግና ምን እንደማይደረግ ነው። ለታማሚውም፣ አብሮት ለሚኖር ሰውም ይሆናል። እግር ሥር ያለን ነገር ባለቤቱ ጎንበስ ብሎ ለማየት ይቸገራል፤ ዓይኑም በስኳሩ ምክንያት ደክሞ ሊሆን ይችላል።

ለምን ይቸኮላል?

ከፍ ብሎ የቆየ የደም ስኳር ረጃጅሞቹን ነርቮች ቀድሞ ይጎዳል። ረጃጅሞቹ ደግሞ እስከ እግር ጣት የሚወርዱት ናቸው። ለዚህ ነው መደንዘዙ ከጣቶች ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣው። አንዳንዱ ሰው "እኔ እግሬ አልደነዘዘም፣ ሌሊት ሌሊት እንደውም ያቃጥለኛል" ይላል። ማቃጠሉም የዚያው የነርቭ ጉዳት ምልክት ነው። ሌሊት የሚያቃጥል እግር ቀን ላይ ሚስማር ሲወጋው ላይሰማው ይችላል።

የነርቭ ጉዳቱ ስሜትን በማጥፋት ብቻ አያበቃም። የእግርን ትንንሽ ጡንቻዎች ያደክማል፤ ጣቶች ይታጠፋሉ፤ ክብደቱ ከአውራ ጣት ሥር ባለው አጥንት ወይም በታጠፉት ጣቶች ጫፍ ላይ ይከማቻል። ላብም ይቀንሳል፤ ቆዳው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ማለትም ውሃ ለመቋጠር የተመቸ እግር ይሆናል።

በዚያ ላይ ከጉልበት በታች ያሉት የደም ሥሮች ጠበው ከሆነ ቁስሉ የሚድንበት ደም በበቂ ሁኔታ አይደርስም። የሚዋጠው አንቲባዮቲክም የሚደርሰው በዚያው ደም ነው። ስኳሩ ከፍ ሲል ደግሞ ባክቴሪያን የሚዋጉት ነጭ የደም ሴሎች ይዳከማሉ። ሦስቱ ሲደራረቡ፣ ጤነኛ ሰው ላይ ሳምንት የሚፈጅ ነገር እዚህ በቀናት ውስጥ ወደ ጅማትና አጥንት ሊወርድ ይችላል። ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ ከሚደረጉት እግር የመቁረጥ ቀዶ ጥገናዎች አብዛኞቹ፣ ከ100 ወደ 85 ያህሉ፣ አስቀድሞ የእግር ቁስል ነበራቸው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ሕመም የማይሰማው እግር እንዴት እንደሚቆስል በሰፊው ያስተማረው የስኳር ሐኪም አልነበረም። ፖል ብራንድ የሚባል እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ነበር። በሕንድ ቬሎር፣ በኋላም በአሜሪካ ሉዊዚያና ካርቪል የሥጋ ደዌ ታማሚዎችን ያክም ነበር። የታማሚዎቹ እግር የሚያልቀው በበሽታው ብቻ እንዳልሆነ አየ። የማይሰማቸውን ጫና በየቀኑ እየደጋገሙት ነበር። እግሩ በጄሶ ተይዞ ጫናው ሲነሳ ቁስሉ ይድናል። ዛሬ ለስኳር እግር የሚሰጠው ዋና ሕክምና ከዚያ ትምህርት ብዙ ወስዷል። ከታች 4ኛው እርምጃ ላይ ረዘም አድርጌ የምቆየውም ለዚህ ነው።

1. ቁጭ ይበሉ፣ ጫማውን ያውልቁ

ያዩት መንገድ ላይ ከሆነ ቤት እስኪደርሱ አይራመዱበት። ሰው ይጥሩ ወይም መኪና ይያዙ። ቤት ከሆኑ በካልሲም ሆነ በባዶ እግር ወዲያ ወዲህ አይበሉ። ያንን ጫማ መልሰው አያጥልቁት፤ ግን አይጣሉትም። ሐኪሙ ሊያየው ይገባል።

ካልሲው ቁስሉ ላይ ተጣብቆ ከሆነ አይመንጭቁት። በንጹሕ ውሃ አርሰው ቀስ ብለው ይላጡት።

2. በደንብ ይመልከቱ፣ ይመዝግቡ

እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ብርሃን ያለበት ቦታ ተቀምጠው እግሩን ይዩት። የእግርዎን ሥር ማየት ካልቻሉ መስታወት ወለል ላይ ያድርጉ ወይም በስልክ ፎቶ ያንሱት። ከሌላ ሰው ጋር ከሆኑ ደግሞ እሱ ይይልዎ።

መጀመሪያ ቦታውን ይለዩ። ተረከዝ ላይ፣ አውራ ጣት ሥር፣ የትንሿ ጣት ጎን፣ ወይስ ሁለት ጣቶች መሃል? ቀጥሎ ቆዳው ሙሉ ነው ወይስ ተቀዷል? ከዚያ ውስጡ ያለውን ፈሳሽ ቀለም ይዩ። ጥርት ያለ ከሆነ ደህና ምልክት ነው። ደም የመሰለ ወይም ወይን ጠጅ ከሆነ ጉዳቱ ወደ ጥልቀት ሄዷል ማለት ነው። ከደፈረሰ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ወይም ከሸተተ ኢንፌክሽን ገብቷል ብለው ያስቡ።

ከዚያ ዙሪያውን ይዩ። መጽሐፍት ሁሉ "መቅላት" ይላሉ። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ጎልቶ አይታይም፤ ስንቱ ቁስል በዚህ ምክንያት "አልቀላም" ተብሎ ታልፏል። እዚያ ላይ የሚታየው ከአካባቢው ቆዳ የጠቆረ ወይም ወይን ጠጅ የመሰለ፣ የወጠረና የሚያብረቀርቅ ቆዳ ነው። ከዓይን ይልቅ እጅ ይሻላል። የእጅዎን ጀርባ ቁስሉ አጠገብ ያድርጉ፣ ከዚያ የሌላኛው እግር ተመሳሳይ ቦታ ላይ ያድርጉ። አንዱ ከሌላው በግልጽ ከሞቀ ያ ትልቅ መረጃ ነው። በቆዳ ቴርሞሜትር ለሚለኩ ሰዎች 2 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚያህል ልዩነት ማስጠንቀቂያ ነው።

የጠቆረው ወይም የቀላው ቆዳ የሚያበቃበትን ጠርዝ በእስክሪብቶ ይክበቡ። አጠገቡ ሰዓቱን ይጻፉ። እስክሪብቶው ቁስሉን አይንካ። ፎቶ አንሱ፤ መጠኑ እንዲታወቅ ማስመሪያ አጠገቡ ያድርጉ። ነገ ጠዋት መስመሩን አልፎ እንደሆነ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም፤ ትውስታ ያታልላል።

ሌላኛውን እግርም መመልከት አይርሱ። ያንኑ ጫማ ጥንድ ለብሷል፣ ያንኑ ነርቭ ይዟል።

እግርዎ ይሰማው እንደሆነ እርግጠኛ ካልሆኑ ቀላል መፈተሻ አለ። ዓይንዎን ይጨፍኑ። ሌላ ሰው የአውራ ጣትዎን፣ የመካከለኛዋንና የትንሿን ጣት ጫፍ በሁለቱም እግር ላይ አንድ በአንድ በጣቱ ጫፍ ለአንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ያህል ነካ ያድርግ። መጫን፣ መኮርኮር የለም። ሲሰማዎት "ግራ" ወይም "ቀኝ" ይላሉ። ከ6ቱ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማዎት ስሜቱ ቀንሷል። ሁሉም ቢሰማዎትም ግን ከታች ያለውን አይዝለሉ።

3. ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬድ ነገር አለ?

ከሚከተሉት አንዱ ካለ ማሸግና ማሳረፍ ብሎ ነገር የለም፤ ሌሊትም ቢሆን ይሂዱ።

- ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ማስመለስ ወይም ግራ መጋባት
- መቅላቱ፣ መጥቆሩ ወይም ሙቀቱ ከቁስሉ ጠርዝ 2 ሴንቲ ሜትር ያለፈ፣ ወይም ወደ ቁርጭምጭሚት የሚወጣ መስመር
- መግል፣ መጥፎ ሽታ፣ ወይም ሲነካ ከቆዳ ሥር የሚንኮሻኮሽ ነገር
- የጠቆረ ወይም የሞተ የሚመስል ሥጋ
- እግሩ ከሌላኛው ይልቅ የቀዘቀዘና የገረጣ ወይም የጠቆረ
- ደንዝዞ የኖረ እግር ድንገት ማመም ሲጀምር

የመጨረሻውን ሰዎች ይስቱታል። "ስሜቱ ተመለሰ" ብለው የሚደሰቱ አሉ። የማይሰማ እግር ሲያምም አብዛኛውን ጊዜ ኢንፌክሽኑ ወደ ጥልቀት ስለወረደ ወይም ደሙ ስለተቋረጠ ነው።

ትኩሳት አለመኖሩም አያዘናጋዎ። ስኳር ያለበት ሰው ከባድ የእግር ኢንፌክሽን ይዞትም ቴርሞሜትሩ ልክ ሊያሳይ ይችላል። ምንም ሳይበሉ፣ መድኃኒትም ሳያቋርጡ ስኳርዎ አልወርድ ካለ ያ ራሱ የኢንፌክሽን ምልክት ሊሆን ይችላል።

4. ሸፍነው ክብደቱን ያንሱለት

ከላይ ካሉት አንዱም ከሌለ ቁስሉን ሸፍነው ወደ ሐኪም እስኪሄዱ ይጠብቁት።

ቆዳው ሙሉ ከሆነ አያፍርጡት። መርፌ በእሳት አግሎ መውጋት፣ በምላጭ መቅደድ፣ ክር ማሳለፍ፣ ሁሉም ይቅር። ያ የላይኛው ቆዳ ከማንኛውም ፋሻ የተሻለ ሽፋን ነው። በጣም ሲወጥር ወይም ውስጡ ሲደፈርስ ሐኪም ያፈሰዋል፤ እሱ ግን የሚያደርገው በንጹሕ መሣሪያ ነው፣ ከሥሩ ያለውንም ያያል።

ቆዳው ተቀዶ ከሆነ የተንጠለጠለውን ቆዳ አይቁረጡ፣ አይላጡ። በቦታው መልሰው ያሳርፉት።

ኖርማል ሳላይን በሚባለው ንጹሕ የጨው ውሃ ያጠቡት። ሳላይን ከሌለ ለመጠጥ የሚሆን ንጹሕ ውሃ ይበቃል። ማፍሰስ ነው እንጂ መዘፍዘፍ አይደለም፤ እግርን ውሃ ውስጥ ነክሮ ማቆየት ቆዳውን ያላላዋል። በንጹሕ ጎዝ እየነካኩ ያድርቁት። ጣቶች መሃል ያለውን እርጥበት በደንብ ያንሱ።

ቁስሉ ላይ አልኮል፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቅጠል፣ ዱቄት፣ ቅባት አያድርጉ። ቁስልን የሚያጸዳ መስሎ የሚያቃጥለው ነገር አዲሱን ሥጋም ያቃጥላል፤ የሚቀባው ደግሞ ሐኪሙ ቁስሉን እንዳያይ ይሸፍናል። በጫማ ጫና ለጠነከረ ቆዳ፣ ለኮርን የሚሸጥ፣ አሲድ ያለበት ፕላስተርም አይሞከር። ጄል ያለው የስፖርት ፕላስተርም እንዲሁ፤ እሱ ለቀናት ተለጥፎ እንዲቆይ የተሠራ ነው፣ እርስዎ ግን በየቀኑ ማየት ይኖርብዎታል።

ከዚያ የማይጣበቅ ጎዝ ያድርጉበት፣ ላዩ ላይ ተራ ጎዝ፣ ከዚያ ላላ ያለ ፋሻ። ፕላስተሩን ቆዳ ላይ ሳይሆን ፋሻው ላይ ይለጥፉት፤ የደረቀ ቆዳ ከፕላስተር ጋር ተልጦ ሌላ ቁስል ይፈጥራል። ጣት ላይ ከሆነ ፕላስተሩን ዙሪያውን አያጠምጥሙ። ጣቱ ሲያብጥ ያንቀዋል፤ የታነቀ ጣት ደግሞ አይጮህም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ክብደት።

ውሃ የቋጠረው የሆነ ነገር ስለተጫነው ወይም ስለፈተገው ነው። ያ ጫና እስካለ ድረስ አሥር ዓይነት ቅባትና አንቲባዮቲክ ቢደራረብ ቁስሉ አይድንም። ከአውራ ጣት ሥር ያለ ቁስል ላይ በቀን ውስጥ ሺህ ጊዜ መርገጥ ማለት ሺህ ጊዜ መልሶ ማቁሰል ነው። "ትንሽ ብቻ ነው የተራመድኩት፣ መታጠቢያ ቤት ድረስ" ይባላል። መታጠቢያ ቤት በቀን ስምንት ጊዜ ከተሄደ ትንሽ አይደለም።

ስለዚህ ሐኪም እስኪያይዎ ድረስ ተቀምጠው ይቆዩ። ክራንች ካለ በክራንች፣ ዊልቸር ካለ በዊልቸር ይንቀሳቀሱ። ሚዛንዎ ደካማ ከሆነ በአንድ እግር መዝለል አይሞክሩ፤ ወድቆ መሰበርም አለ፣ ሌላኛው እግርም የቱን ያህል ጤነኛ እንደሆነ አይታወቅም። የሚጠቀሙበትን ነገር ሁሉ አጠገብዎ ያስቀምጡ። ሥራ ቦታ መቅረት ካለብዎት ይቅሩ።

ተረከዝ ላይ ከሆነ አልጋም ይጫነዋል። ትራሱን ከባት ሥር ያድርጉ፣ ተረከዙ በአየር ላይ ይንጠልጠል። ትራስ ተረከዙ ሥር ማድረግ ምንም አይረዳም።

መሃሉ የተቀደደ ክብ ስፖንጅ ቁስሉ ዙሪያ መለጠፍ የተለመደ ነው፤ አይጠቅምም። ክብደቱን ከመሃል አንስቶ ጠርዙ ላይ ያሳርፈዋል፤ ጠርዙ ላይ ደሙ ይታነቃል፣ መሃሉ ያብጣል።

5. ሐኪም ዘንድ መቼ?

በዚያው ቀን ይደውሉ ወይም ይሂዱ። ማታ ካዩት ጠዋት ይሂዱ። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ላይ አዲስ ችግር ሲታይ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ወደ እግር ሕክምና ቡድን እንዲላክ ያዛል። ጥሩ መለኪያ ነው። የእግር ክፍል በማይኖርበት ቦታም ማንኛውም ሐኪም ቢያንስ ቁስሉን ከፍቶ ማየት፣ የደም ትርታውን መዳበስ ይችላል።

ሲደውሉ ወይም ተራ ሲይዙ "እግሬ ውሃ ቋጥሯል" ብቻ አይበሉ፤ ቀላል መስሏቸው ለሚቀጥለው ሳምንት ሊቀጥሩዎት ይችላሉ። እንዲህ ይበሉ፦ "የስኳር ታማሚ ነኝ፣ እግሬ ላይ ስሜት የለኝም፣ እግሬ ሥር አዲስ ቁስል አለ፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ ነው ያየሁት።" እነዚህ ቃላት ተራ ያስቀይራሉ።

ሐኪሙ ጫማም ካልሲም አስወልቆ ሁለቱንም እግር ማየት አለበት። የእግር ጀርባ ላይና ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ ያለውን የደም ትርታ ይዳብሳል፤ ካጣው ዶፕለር በሚባል፣ የደም ፍሰትን በሚያሰማ መሣሪያ ያዳምጣል። 10 ግራም ጫና በሚሰጥ ቀጭን የናይለን ክር ስሜቱን ይፈትሻል። ቁስሉ ክፍት ከሆነ ጥልቀቱን በንጹሕ ዘንግ ይለካል፤ ዘንጉ አጥንት ከነካ የአጥንት ኢንፌክሽን ይጠረጠራል። ራጅ ሊያዝ ይችላል። ራጁ ልክ ነው ቢባልም ግን አጥንቱ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ የአጥንት ኢንፌክሽን ራጅ ላይ እስኪታይ ሁለት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል።

አንቲባዮቲክ የሚሰጠው የኢንፌክሽን ምልክት ካለ ነው። ምልክት ሳይኖር "ለማንኛውም" ተብሎ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ቁስሉን አያድነውም። ኪኒን ብቻ ተጽፎልዎ ሊወጡ ከሆነ አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ "ክብደቴን ከዚህ ቦታ እንዴት ነው የማነሳው?" መልሱ ልዩ ጫማ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቡት፣ ጄሶ፣ ወይም ክራንች መሆን አለበት። መልስ ከሌለ ሕክምናው አልተጠናቀቀም። የቴታነስ ክትባትዎንም ያስታውሷቸው።

እንዴት እንደሚሄድ፣ በአንድ ሰው ላይ

የ58 ዓመት ሰው እንውሰድ። ስኳር ከያዘው 14 ዓመት ሆኖታል። አዲስ ቆዳ ጫማ አድርጎ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ዋለ። ማታ ካልሲውን ሲያወልቅ ቀኝ አውራ ጣቱ ሥር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ የቋጠረ ነገር አየ። ቆዳው ሙሉ ነው፣ ፈሳሹ ጥርት ያለ ነው፣ ምንም አያመውም። ጠርዙን በእስክሪብቶ ከበበ፣ ፎቶ አነሳ፣ በጎዝ ሸፈነ፣ ተኛ።

ጠዋት ፋሻውን ሲፈታ ፈሳሹ ደፍርሷል። የጠቆረው ቆዳ ከመስመሩ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ወጥቷል። በእጁ ሲዳብሰው ከግራው እግር ይሞቃል። ጠዋት የለካው ስኳር ሌላ ጊዜ ከሚያየው በብዙ ከፍ ብሏል። ትኩሳት የለውም።

ይህ ገና ቀላል የሚባለው ኢንፌክሽን ነው፤ ከቆዳ አልወረደም፣ ዙሪያው 2 ሴንቲ ሜትር አላለፈም። በዚያው ጠዋት ሐኪም ዘንድ ሄደ። ትርታው ይዳበሳል፣ ክሩ ግን በሁለቱም እግር ጣቶች ሥር አልተሰማውም። ሐኪሙ ፈሳሹን አፈሰሰ፣ የሞተውን ቆዳ አነሳ፣ ከሥሩ ገና ያልጠለቀ ቁስል አገኘ። አጥንት አልተነካም። የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ለአንድ ሳምንት፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቡት፣ ከሁለት ቀን በኋላ ቀጠሮ። እዚህ ደረጃ ላይ ከተያዘ፣ ደሙም ከደረሰው፣ እንዲህ ያለ ቁስል በሳምንታት ውስጥ ሊዘጋ ይችላል።

ያው ሰው "አያመኝም" ብሎ ጫማውን አድርጎ ወደ ሥራ ቢሄድስ? በዚያ ቀን ቆዳው ይቀደዳል፤ ፈሳሹ ስለሚፈስ እብጠቱ ሟሽሾ "የዳነ" ይመስላል። በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ይሸታል። ኢንፌክሽኑ በጅማቶቹ ሽፋን ተከትሎ ወደ እግሩ መሃል ይሄዳል። አሁን የሚያስፈልገው በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒትና ቀዶ ጥገና ነው። የሁለቱ መንገዶች ልዩነት አንድ ጠዋት ነው።

6. እስኪዘጋ ድረስ

ፋሻውን በታዘዘው መሠረት ይቀይሩ፤ ከረጠበ ወይም ከቆሸሸ ወዲያው ይቀየር። በተቀየረ ቁጥር ፎቶ አንሱ፣ ከትናንቱ ጋር ያስተያዩ። ከ3ኛው እርምጃ አንዱ ምልክት ከመጣ ቀጠሮ አይጠብቁ። በአራት ሳምንት ውስጥ የቁስሉ ስፋት በግማሽ ካልቀነሰ ሕክምናው እንደገና መታየት አለበት፤ ወይ ጫናው አልተነሳም፣ ወይ ደሙ አይደርስም፣ ወይ አጥንቱ ተነክቷል።

የሚወልቅ ቡት ከተሰጠዎ ቤት ውስጥም ይደረጋል። ብዙ ሰው ውጭ ሲወጣ ብቻ ያደርገዋል፣ ቤት ሲገባ ያወልቀዋል። አብዛኛው እርምጃ ግን ቤት ውስጥ ነው። ለዚህ ነው አንዳንድ ሐኪሞች የማይወልቀውን ጄሶ የሚመርጡት።

ስኳርዎን ከወትሮው ደጋግመው ይለኩ። ምግብ አልወርድ ቢልዎትም ኢንሱሊን በራስዎ አያቁሙ፤ ኢንፌክሽን ስኳርን ወደ ላይ ይገፋዋል። መጠኑን ለማስተካከል ሐኪምዎን ይጠይቁ።

7. ምን አመጣው?

እጅዎን ጫማው ውስጥ ያስገቡና ይዳብሱ። የተጣጠፈ ሶል፣ የወጣ ስፌት፣ ጠጠር፣ ሚስማር ያገኛሉ። ካልሲውንም ይገልብጡት፤ ወፍራም ስፌት ጣቱ ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

ጫማ ካልሆነ ሙቀት ሊሆን ይችላል። የሙቅ ውሃ ላስቲክ፣ ማሞቂያ አጠገብ የተዘረጋ እግር፣ የእግር መታጠቢያ ውሃ። የማይሰማ እግር እየተቃጠለ መሆኑን አያውቅም። የውሃን ሙቀት በእግር አይፈትኑ፤ በክርን ወይም በቴርሞሜትር ይሁን፣ ከ37 ዲግሪ አይለፍ።

አልፎ አልፎ ደግሞ ጫናም ሙቀትም ሳይኖር እግርና ባት ላይ በአንድ ሌሊት ትልልቅ፣ የማያም ውሃ ይቋጥራል። የስኳር በሽታ ራሱ የሚያመጣው ነው፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ራሱ ይጠፋል። ቤት ውስጥ ሆኖ "የኔ እሱ ነው" ብሎ መወሰን ግን አይቻልም፤ እሱም ሲቀደድ ኢንፌክሽን ይገባዋል።

እግሩ በሙሉ አብጦ፣ ሞቆ፣ ቅርጹም የተቀየረ ከመሰለዎት ለሐኪሙ ለይተው ይንገሩት። ሻርኮ የሚባል፣ አጥንትና መገጣጠሚያ የሚፈርስበት ችግር አለ፤ እሱም ላያምም ይችላል፣ እሱም መርገጥ ያባብሰዋል።

8. ወደ ጫማ መመለስ

ቁስሉ ሲዘጋ አዲሱ ቆዳ ቀጭን ነው። የእግር ቁስል ከዳነላቸው የስኳር ታማሚዎች ከ10ሩ 4ቱ ያህል በአንድ ዓመት ውስጥ እንደገና ይቆስላሉ። ያቆሰለው ጫማ አይመለስም፣ "ለምዶኛል" ቢባልም።

አዲስ ጫማ ሲገዙ ከሰዓት በኋላ ወይም አመሻሽ ላይ ይለኩ፤ እግር በቀን ውስጥ ያብጣል። ቆመው ሲለኩት ከረጅሙ ጣት ፊት ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይትረፍ፤ ጎኑም አይጭመቅ። "ተመቸኝ" የሚለው ስሜት እዚህ አያገለግልም፤ ስሜቱ የቀነሰበት ሰው ጠባብ ጫማ ይመርጣል፣ ሰፊው ስለማይሰማው።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት ብቻ፣ ቤት ውስጥ ያድርጉት። አውልቀው ሁለቱንም እግር ይዩ፣ በእጅ ጀርባ ሙቀቱን ይዳብሱ። ቀላ ወይም ጠቆር ያለ ወይም የሞቀ ቦታ ካለ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ከጠፋ በሚቀጥለው ቀን ትንሽ ጊዜ ይጨምሩ። ግማሽ ሰዓት ቆይቶም ካለ ያ ጫማ ያንን ቦታ እየጫነው ነው፤ ለሐኪሙ ወይም ለጫማ ባለሙያው ያሳዩት፣ እስኪስተካከል ድረስ አይልበሱት።